ዋራንት ወደ አክሲዮን ሲቀየር ማን ምን ያጣል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ኩባንያ ዋራንት ሰጠ ማለት የነባሩን ባለአክሲዮን ኪስ ቀደደ ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን አክሲዮን ላይ ሁለት መቶ ሺህ ሲጨመር የአንድ አክሲዮን ትርፍ በ16.7 በመቶ ይወርዳል፤ የገበያ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው ዋራንቱ በተቀየረበት ዕለት ነው። ባለዋራንቶች ደግሞ ዋጋው ከውሉ በላይ እንዳለፈ ወዲያው ይቀይራሉ። በሒሳብ መግለጫ ላይ ከመሠረታዊው ትርፍ ቀጥሎ የሚጻፈው የሳሳ ትርፍም ጉዳቱን አሳንሶ ለማሳየት የተፈጠረ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከዚያች ዕለት በፊት ሸጦ መውጣት ነው።»

ይህ ጽሑፍ ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ባለአክሲዮኖች ስልክ ላይ እየዞረ ነው። ጸሐፊው ለትንሹ ባለአክሲዮን ተቆርቁረው እንደጻፉት ይታያል፤ እኔም የምጽፈው ለእሱው ነው። ስሌታቸው ግን ሰው ላይ ኪሳራ የሚያመጣ ነው። በተራ በተራ ልመልስ።

ከገንዘቡ እንጀምር። ዋራንት ማለት የኩባንያውን አዲስ አክሲዮን አስቀድሞ በውል በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። የያዘው ሰው አዲሱን አክሲዮን በነፃ አይወስድም። በውሉ የተጻፈውን ዋጋ ለኩባንያው ይከፍላል። ጸሐፊው አክሲዮኑን ቆጥረው ገንዘቡን ሳይቆጥሩ ቀርተዋል።

በምሳሌ እንየው። ኮምቦልቻ ላይ ዱቄት ፋብሪካ ያለው አንድ አክሲዮን ማኅበር አለ እንበል። በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ነው። 1,000,000 አክሲዮን አለው። በዓመት 20 ሚሊዮን ብር የተጣራ ትርፍ ያገኛል፤ የአንድ አክሲዮን ትርፍ 20 ብር ሆነ ማለት ነው። አንዱ አክሲዮን ገበያ ላይ በ200 ብር ይሸጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አበዳሪ 200,000 ዋራንት ሰጥቶ ነበር። እያንዳንዱ ዋራንት አንድ አዲስ አክሲዮን በ150 ብር የመግዛት መብት ይሰጣል።

ዋራንቶቹ በሙሉ ሲቀየሩ 200,000 በ150 ሲባዛ 30 ሚሊዮን ብር ወደ ፋብሪካው ካዝና ይገባል። አሁን ለጸሐፊው የሚመቸውን ሁኔታ ልውሰድ። ገበያው ዋራንት መኖሩን ጨርሶ አያውቅም ነበር እንበል። ከመቀየሩ በፊት የማኅበሩ አጠቃላይ ዋጋ 200 ሚሊዮን ነው። 30 ሚሊዮን ተጨምሮ 230 ሚሊዮን ይሆናል። ለ1,200,000 አክሲዮን ሲካፈል 191.67 ብር ይመጣል። አክሲዮኑ ከ8 ብር ትንሽ በልጦ፣ 4.2 በመቶ ገደማ ወረደ። 16.7 በመቶ የሚወርደው ዋራንቱ በነፃ የሚሰጥ ቢሆን ብቻ ነው።

የትርፉም ነገር እንዲሁ ነው። 20 ሚሊዮን ለ1.2 ሚሊዮን ሲካፈል 16.67 ብር ነው፤ እስከዚህ ልክ ናቸው። ይህ ግን 30 ሚሊዮኑ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ነው። ዱቄት ፋብሪካ ደግሞ ገንዘብ የሚያስቀምጥበት ጊዜ የለውም። ወይ ስንዴ ይገዛበታል፣ ወይ የባንክ ዕዳውን ይቀንስበታል። ዕዳ ከፈለበት እንበል፤ ወለዱ 16 በመቶ ይሁን። በዓመት 4.8 ሚሊዮን ብር ወለድ ይድናል። ከዚያ ላይ 30 በመቶ የትርፍ ግብር ሲነሳ 3.36 ሚሊዮን ይቀራል። ትርፉ 23.36 ሚሊዮን፣ የአንድ አክሲዮን ትርፍ 19.47 ብር ይሆናል። ከ20 ብር ወደ 19.47 ወረደ። መውረዱን አልክድም። ግን 53 ሳንቲም ነው፤ 3 ብር ከ33 አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ መለኪያ አለ። የአንድ አክሲዮን ትርፍ ከ20 ብር ንቅንቅ እንዳይል አዲሱ ገንዘብ ከግብር በኋላ ስንት ማትረፍ አለበት? የአሁኑን ትርፍ ለውሉ ዋጋ ማካፈል ነው። 20 ለ150፣ ማለትም 13.3 በመቶ። ኩባንያው ከዚያ በላይ ማትረፍ ከቻለ ዋራንቱ ተቀይሮም የአንድ አክሲዮን ትርፍ ይጨምራል። ካልቻለ ይወርዳል። የውሉ ዋጋ ባነሰ ቁጥር ይህ መሥፈርት እየከበደ ይሄዳል። በ150 ፈንታ 80 ብር ቢሆን ኖሮ 25 በመቶ ማትረፍ ይጠበቅበት ነበር። ይህ ለማንም ፋብሪካ ቀላል አይደለም። ባለአክሲዮን ዓይኑን መጣል ያለበት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ላስታውስ። በመጀመሪያው ዓመት መግለጫ ላይ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ አይታይም። አዲሶቹ አክሲዮኖች የሚቆጠሩት በዓመቱ ውስጥ በቆዩበት ጊዜ ልክ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 የሚጀምር ማኅበር ዋራንቱ ጥር መግቢያ ላይ ቢቀየርበት፣ ከ200,000ው ውስጥ ግማሹ ብቻ በዚያ ዓመት ስሌት ይገባል። ሙሉው የሚገባው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ዓመት አይቶ «ምንም አልሆነም» የሚልም፣ ሁለተኛውን አይቶ «ሥራ አስኪያጁ አበላሸው» የሚልም ይኖራል። ሁለቱም ማየት ያለባቸው የአክሲዮኑን ቁጥር ነው።

ወደ «ዕለቲቱ» እንለፍ። በጽሑፉ ውስጥ ሰውን በጣም የሚያሳስተው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የተመዘገበ ኩባንያ የሰጠውን ዋራንት ብዛት፣ የውሉን ዋጋና የሚያበቃበትን ቀን በሒሳብ ማብራሪያው ላይ ያወጣል። ገዢ ያነበዋል። ስለዚህ 200 ብር ብሎ ዋጋ ሲቆርጥ ዋራንቱን አስቦበት ነው። አክሲዮኑ 200 የሆነው ዋራንት ስላለ ነው። ዋራንት ባይኖር ኖሮ 210 ይሆን ነበር። እንዴት ቢሉ፣ አጠቃላይ ዋጋው 210 ሚሊዮን ነው እንበል። 30 ሚሊዮን ሲጨመርበት 240 ሚሊዮን፤ ለ1.2 ሚሊዮን ሲካፈል ልክ 200 ብር። ዋራንቱ በተቀየረበት ዕለት ዋጋው 200 ነበር፤ ማታም 200 ነው። ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ታዲያ ነባሮቹ ምንም አላጡም? አጥተዋል። 10 ሚሊዮን ብር አጥተዋል፤ በአክሲዮን 10 ብር። በትክክል ያ ገንዘብ ባለዋራንቱ ጋ ነው ያለው። 200,000 ዋራንት፣ በእያንዳንዱ 50 ብር ትርፍ፣ ድምሩ 10 ሚሊዮን። ጥያቄው መቼ አጡት የሚለው ነው። ያጡት ዋጋው እያደገ ሲመጣ፣ በየመንገዱ ነው። ማኅበሩ ያለ ዋራንት በአክሲዮን 150 ብር ሲያወጣ ማንም ምንም አላጣም። 180 ብር ሊያወጣ ሲችል ገበያው የሚሰጠው 175 ነው። 210 ሲደርስ 200 ነው። 240 ሲደርስ 225። ከ150 በላይ ዋጋው 30 ብር ባደገ ቁጥር ነባሩ 25 ብር ይወስዳል፤ 5 ብሯ ወደ ባለዋራንቱ ትሄዳለች። መሳሳት ማለት ይኸው ነው። ቀስ በቀስ፣ ከዕድገት ላይ የሚቆረጥ ድርሻ ነው። ዋራንቱ የሚያበቃበት ጊዜ ገና ሩቅ ከሆነ ደግሞ ተቆራጩ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ባለዋራንቱ ገና ሊጨምር ይችላል የሚል ተስፋም በእጁ አለ፤ ያም ዋጋ አለው።

ስለዚህ ከዚያች ዕለት በፊት የሸጠ ሰው ያመለጠው ነገር የለም። የሸጠው የሳሳውን አክሲዮን፣ በሳሳው ዋጋ ነው።

በዕለቱ ዋጋ ሲወርድ አይተናል የሚሉ ይኖራሉ። ሊወርድ ይችላል። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ባለዋራንቱ 200,000 አክሲዮን ተቀብሎ በማግሥቱ ሁሉንም ለሽያጭ ካወጣ፣ ገዢው ትንሽ በሆነበት ገበያ ዋጋ ይሰበራል። የእኛ የአክሲዮን ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። የተመዘገቡት ኩባንያዎች ገና ጥቂት ናቸው። በእንዲህ ያለ ገበያ ይህ ሥጋት እውነተኛ ነው። ግን የሽያጭ ብዛት ያመጣው ነው፤ ድርሻ ስለሳሳ የመጣ አይደለም። ልዩነቱን የሚያሳውቀው የተሸጠው መጠን ነው። በዕለቱ የተሸጠው አክሲዮን ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከሆነና ዋጋው በኋላ ከተመለሰ፣ ያ የጅምላ ሽያጭ ነበር።

ባለዋራንቶች ወዲያው ይቀይራሉ ለሚለው አንድ የታወቀ ጉዳይ ይበቃል። በነሐሴ ወር እ.ኤ.አ. 2011 የአሜሪካዊው ባለሀብት የዋረን ቡፌ ኩባንያ በርክሻየር ሃታዌይ በባንክ ኦፍ አሜሪካ ላይ 5 ቢሊዮን ዶላር አወጣ። በዓመት 6 በመቶ የሚከፍሉ ባለ ቅድሚያ አክሲዮኖችን፣ ማለትም ድርሻቸው ከተራው አክሲዮን ቀድሞ የሚከፈላቸውን፣ ወሰደ። ከነሱ ጋር 700 ሚሊዮን ተራ አክሲዮን በ7 ዶላር ከ14 ሳንቲም ገደማ የመግዛት ዋራንት አገኘ። ዋጋው ከዚያ በላይ ካለፈ በኋላ ቡፌ ዓመታት ሙሉ ዝም ብሎ ተቀመጠ። የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ለምን ቆየ? ባለ ቅድሚያው በዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ይከፍለዋል። የውሉን ዋጋ ሊከፍል ያሰበው እነዚያኑ ባለ ቅድሚያዎች በማስረከብ ስለሆነ፣ ዋራንቱን ቶሎ ቢቀይር ያንን ትቶ የተራውን አክሲዮን የትርፍ ድርሻ ነው የሚያገኘው። 700 ሚሊዮን አክሲዮን 300 ሚሊዮን ዶላር ለማስገኘት የአንዱ ዓመታዊ ድርሻ 43 ሳንቲም ገደማ መድረስ አለበት። ቡፌም 44 ሳንቲም ካለፈ እንደሚቀይር አስቀድሞ ጽፎ ነበር። ባንኩ በ2017 የሩብ ዓመቱን ድርሻ ወደ 12 ሳንቲም ከፍ አደረገ፤ በዓመት 48 ማለት ነው። ያኔ ቀየረ። ሲከፍልም ባለ ቅድሚያ አክሲዮኖቹን አስረከበ።

ደንቡ ይኸው ነው። መብትህ ጊዜ ካለው መቀየር ማለት ገንዘብህን ቀድሞ መክፈል ነው። የሚያስቸኩልህ ነገር ከሌለ አትከፍልም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸኩለው የትርፍ ድርሻ ነው፤ ወይም የማብቂያው ቀን ነው። ስለዚህ «መቼ ይቀየራል?» ብሎ ለሚያስብ ባለአክሲዮን፣ ከገበያው ዋጋ ይልቅ የትርፍ ድርሻው ማስታወቂያና የውሉ ማብቂያ ቀን የበለጠ ይነግሩታል።

አሁን የሳሳ ትርፍ ተብሎ ስለሚጻፈው ቁጥር። ጸሐፊው የማሳነሻ ዘዴ አድርገው አቅርበውታል። ስሌቱን ላስረዳ፤ አንባቢው ራሱ ይፍረድ።

አይ ኤ ኤስ 33 የተባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ እንዲህ ይላል። ዋራንቱ ተቀይሯል ብለህ አስብ። በሚገባው ገንዘብ አክሲዮን በዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ መልሰህ ገዛህ ብለህ አስብ። የሚተርፈውን አክሲዮን ብቻ ወደ ቁጥሩ ጨምር። የእኛ ፋብሪካ 30 ሚሊዮን ብር ይገባዋል። አማካይ ዋጋው 200 ከሆነ 150,000 አክሲዮን ይገዛበታል። ከ200,000 ላይ ሲቀነስ 50,000 ይተርፋል። 20 ሚሊዮን ለ1,050,000 ሲካፈል 19.05 ብር። የሳሳው ትርፍ ይኸው ነው። ለምን 50,000 ብቻ ተቆጠረ? ምክንያቱም 150,000ው በሙሉ ዋጋ እንደተሸጠ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። በነፃ እንደሄደ የሚቆጠረው 50,000ው ነው። 50,000 በ200 ብር ደግሞ 10 ሚሊዮን ነው። ቀደም ሲል ያየነው ኪሳራ ራሱ ነው።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ስሌት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 በርክሻየር በሌላው የአሜሪካ ባንክ በጎልድማን ሳክስ ላይም 5 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ወደ 43.5 ሚሊዮን አክሲዮን በ115 ዶላር የመግዛት ዋራንት አግኝቶ ነበር። በ2013 ሁለቱ ውሉን አሻሻሉት። በርክሻየር ጥሬ ገንዘብ አይከፍልም፤ የልዩነቱን ዋጋ ብቻ በአክሲዮን ይወስዳል ተባለ። ከማብቂያው በፊት የነበሩት የ10 የግብይት ቀናት አማካይ ዋጋ ወደ 164 ዶላር መጣ። 115 ለ164 ሲካፈል 70 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው 30 በመቶ፣ ማለትም ወደ 13.1 ሚሊዮን አክሲዮን፣ ለበርክሻየር ተሰጠ። በደረጃው ስሌት የሚተርፈው አክሲዮን በእውነትም ታትሞ ተሰጠ ማለት ነው።

ያም ሆኖ ይህ ቁጥር የማያሳየው ነገር አለ። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ አብሬያቸው በቆምኩ።

አንደኛ፣ የሚሠራው በዓመቱ አማካይ ዋጋ ነው። አክሲዮኑ አብዛኛውን ዓመት 130 ብር ላይ ቆይቶ ሰኔ ላይ 190 ቢገባ፣ አማካዩ ከ150 በታች ሊሆን ይችላል። ያኔ ዋራንቱ በስሌቱ ጨርሶ አይገባም። መሠረታዊውና የሳሳው ትርፍ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ ዋራንቱ ግን በር ላይ ቆሟል። በኪሳራ ዓመትም አይገባም፤ አክሲዮን ቢጨመር ለአንድ አክሲዮን የሚደርሰውን ኪሳራ ስለሚያሳንሰው ደረጃው ይከለክላል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ዋራንት የለም ብላችሁ አትለፉ። ደረጃው ለጊዜው ከስሌቱ የቀሩትን፣ ወደፊት ግን ሊያሳሱ የሚችሉትን እንዲገለጹ ያስገድዳል። የአንድ አክሲዮን ትርፍ ማብራሪያ ሥር ፈልጓቸው።

ሁለተኛ፣ ኩባንያው በእርግጥ አክሲዮን መልሶ አይገዛም። 30 ሚሊዮኑን ሥራ ላይ ያውለዋል። 19.05 ብር የሚለው ቁጥር እውን እንዲሆን ገንዘቡ ከግብር በኋላ 9.5 በመቶ ገደማ ማትረፍ አለበት። ከዚያ በታች ካተረፈ እውነተኛው ትርፍ ከሳሳው ቁጥርም ይወርዳል። በዚህ በኩል መግለጫው ሊያዘናጋ ይችላል። ኩባንያው ገንዘቡን ምን እንዳደረገበት በጠቅላላ ጉባኤ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ያልነኩት፣ እኔ ግን በጣም የሚያሳስበኝ የድምፅ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ቢገባም ባይገባም የድምፅ ድርሻ ይሳሳል። 1,000 አክሲዮን ያለው ሰው ከሺህ አንድ ድምፅ ነበረው። 200,000 ሲጨመር ድርሻው በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል። 16.7 በመቶ የሚለው ቁጥር ትክክለኛ ቦታው ይህ ነበር።

ኮምቦልቻ ያለ ፋብሪካቸውን ለማስፋት የሚያስቡ ጥቂት ባለሀብቶች ያንኑ ጽሑፍ ይዘው ደሴ ቢሮዬ መጥተው ነበር። አበዳሪው ወለዱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ በምትኩ ዋራንት ስጡኝ ብሏቸዋል። ታላቃቸው «ይኼን ፈርመን ፋብሪካውን ልናጣው ነው እንዴ?» አሉ። «አብሽሩ ሐጂ፣ መጀመሪያ ውሉን እንየው» አልኳቸው።

ውሉ ላይ ያየነው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው አከፋፈሉ ነው። ባለዋራንቱ ጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ሙሉውን አክሲዮን ይወስዳል ወይስ ልዩነቱን ብቻ? በምሳሌያችን ልዩነቱን ብቻ ቢወስድ 50,000 አክሲዮን ብቻ ነው የሚታተመው። 210 ሚሊዮን ለ1,050,000 ሲካፈል እንደገና 200 ብር ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ በሁለቱም መንገድ አንድ ነው። የድምፅ ድርሻ ግን 16.7 ሳይሆን 4.8 በመቶ ብቻ ነው የሚቀንሰው። በሌላ በኩል ለመስፋፊያ የሚሆን 30 ሚሊዮን አይገባም። ገንዘቡን ከድምፁ የሚያስበልጥ አንዱን ይመርጣል፣ ድምፁን የሚያስበልጥ ሌላውን።

ሁለተኛው የዋጋው ጉዳይ ነው። የእነሱ ማኅበር በገበያ አልተመዘገበም። አይ ኤ ኤስ 33 የሚያስገድደው አክሲዮናቸው በገበያ የሚገበያይ ወይም ለዚያ የቀረቡ ኩባንያዎችን ነው። ስለዚህ በመግለጫቸው ላይ የሳሳ ትርፍ ላይኖር ይችላል፤ አማካይ የገበያ ዋጋ የሚባልም የላቸውም። ልዩነቱ በአክሲዮን የሚከፈል ከሆነ «የዕለቱን ዋጋ ማን ይቆርጠዋል?» የሚለው ካልተጻፈ ጠብ ነው የሚጠብቃቸው። ዋጋው 200 ከተባለ 50,000 አክሲዮን ይሰጣል፤ 300 ከተባለ 100,000 ነው። ረቂቁ ላይ «በአበዳሪው ግምት» ይል ነበር። ያንን ሰርዘው ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ገለልተኛ ገማች እንዲገባና የግምቱን ወጪ እኩል እንዲጋሩ መልሰው ላኩት። ነባሩ አክሲዮን ቢከፋፈል የዋራንቱ ቁጥርና ዋጋ እንዴት እንደሚስተካከል የሚናገር አንቀጽም አስጨመሩ። አበዳሪው በገማቹ ተስማምቷል፤ በውሉ ዋጋ ላይ ግን ገና እየተከራከሩ ነው።